የዋንዛ አልጋ ዋጋ ማቅረቢያ (ሜትር ከሃምሳ)

ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
ከአናጢ ታደሰ፣ ተክለ ሃይማኖት
ለእትዬ አልማዝ፣ አራት ኪሎ

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ። ለልጅዎ ያዘዙኝን አልጋ ዋጋ ዘርዝሬ አቅርቤያለሁ። ሌላ ቤት 24,000 ብር እንዳሉዎት ስለነገሩኝ፣ የኔ ከየት እንደመጣ ቢያዩት ይሻላል ብዬ ነው።

ፍራሹ 1.50 በ1.90 ነው። የአልጋው ውስጥ ፍራሹ እንዳይጨናነቅ በየወገኑ 1 ሳንቲም ይሰፋል፤ 1.52 በ1.92 ይሆናል።

ዋንዛ (ተልጎ ካለቀ በኋላ ያለው ልክ፣ በሳንቲም ሜትር)
የራስጌ እግር፦ 2 × (7×7×110) = 10,780
የግርጌ እግር፦ 2 × (7×7×55) = 5,390
የጎን ጣውላ፦ 2 × (200×18×3) = 21,600
የራስጌና የግርጌ አግዳሚ፦ 4 × (160×12×3) = 23,040
የራስጌ ሰሌዳ፦ 3 × (154×15×2) = 13,860
ድምር 74,670፤ ወደ ሜትር ኩብ ሲቀየር 0.075 ገደማ።

የጎን ጣውላው 2 ሜትር የሆነው በሁለቱም ጫፍ 4 ሳንቲም እግሩ ውስጥ ስለሚገባ ነው።

ብክነቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ደንበኛና አናጢ የሚጣሉት እዚህ ላይ ነውና። 3 ሳንቲም ጣውላ ለማውጣት 4 ሳንቲም ጥሬ ጣውላ እገዛለሁ። ገና ሲላግ አራተኛው እጅ ሰጋቱራ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ጠርዙ ይስተካከላል፣ ዓይን ያለበት ይቆረጣል፣ የተሰነጠቀ ጫፍ ይጣላል። በጠቅላላው ከምገዛው 40 በመቶ አልጋው ላይ አይገኝም። ስለዚህ 0.075 ለ0.60 ይካፈላል፤ 0.125 ሜትር ኩብ ይመጣል። አንዳንዱ አናጢ በ1.40 ያባዛና 0.105 ይላል። ያ ስሌት ለዚህ አልጋ 1,600 ብር ያጎድላል፤ እንጨቱ ሲያልቅበት ወይ ጣውላውን ያሳሳል ወይ «ጨምሩልኝ» ይላል።

0.125 × 80,000 ብር (ደረቅ ዋንዛ፣ መርካቶ) = 10,000 ብር

ባህር ዛፍ (ከፍራሽ ሥር የሚደበቀው)
12 ርብራብ፣ እያንዳንዱ 152×8×2፤ ርብራቡ የሚያርፍባቸው ሁለት ዘንጎች 192×4×3፤ መሃል የሚያልፍ ድጋፍ 192×7×5 ከነእግሩ (30×7×5)። ድምሩ 0.042 ሜትር ኩብ። ይሄ ያን ያህል ስለማይላግ ብክነቱ 30 በመቶ ነው፤ ለ0.70 ሲካፈል 0.06 ይሆናል።
0.06 × 40,000 ብር = 2,400 ብር

ርብራቡ፣ ዘንጎቹና ድጋፉም ዋንዛ ይሁኑ ካሉኝ በእንጨቱ ብቻ 3,200 ብር ይጨመራል። እኔ ግን አልመክርዎትም፤ ማንም አያየው።

ሚስማርና ማያያዣ
ሚስማር 1 ኪሎ 240፣ የአልጋ ብሎን 8 ፍሬ 480፣ ኮላ 450፣ የብርጭቆ ወረቀት 10 ቅጠል 400 ብር። ድምር 1,570 ብር።
ሚስማሩ ለርብራቡና ለዘንጎቹ ብቻ ነው። ራስጌና ግርጌው ወንዴና ሴቴ ተደርጎ በኮላ ይያያዛል። ጎኑ በብሎን የሚታሰረው ተፈትቶ በደረጃ እንዲወጣ ነው፤ የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ሲታጠፍ እንዴት እንደሚጠብ ያውቁታል።

ቫርኒሽ
የሚቀባው ገጽ 6 ካሬ ገደማ ነው። ሦስት ጊዜ ሲቀባ 18 ካሬ፤ 1 ሊትር 10 ካሬ ያህል ይሸፍናል፣ ስለዚህ 2 ሊትር ይበቃል። 2 × 700 = 1,400፣ ቲነር 300። ድምር 1,700 ብር።

የእጅ ሥራ
እኔ 4 ቀን በ1,500 = 6,000፣ ረዳት 4 ቀን በ700 = 2,800፣ የማሽን መሰንጠቂያና መላጊያ ክፍያ 1,200። ድምር 10,000 ብር።

ማጠቃለያ
እንጨት፣ ማያያዣና ቫርኒሽ፦ 15,670
የእጅ ሥራ፦ 10,000
የቤት ኪራይ፣ መብራትና ትርፍ (15 በመቶ)፦ 3,850
መኪና እስከ አራት ኪሎ 800፣ ሦስተኛ ፎቅ ማውጫ 600፦ 1,400
ጠቅላላ 30,920 ብር

የቫት ተመዝጋቢ ስላልሆንኩ ቫት አልተጨመረም። ቀብድ 15,670 ብር ነው፤ የዕቃው ዋጋ ብቻ፣ ከዚያ በላይ አልጠይቅም። ቀሪው 15,250 አልጋው ቤትዎ ገብቶ ተገጥሞ ካዩት በኋላ ይከፈላል።

ቀብዱ በገባ በ12 ቀን አስረክባለሁ። ሥራው 4 ቀን ቢሆንም ኮላውና በየቅቡ መሃል ቫርኒሹ መድረቅ አለበት። ዋጋው ለ10 ቀን ይጸናል፤ ከዚያ ካለፈ የጣውላውን ዋጋ እንደገና ጠይቄ አሳውቅዎታለሁ።

24,000 ያሉዎትን ሰው ጣውላው ስንት ሳንቲም ውፍረት እንዳለው፣ ደረቅ መሆኑንና ርብራቡ ስንት እንደሆነ ይጠይቁልኝ። እርጥብ ዋንዛ ርካሽ ነው፤ ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ መጋጠሚያውም ይከፈታል። መልሱ ከኔ ጋር አንድ ከሆነ እሱ ጋ ያሠሩ፣ ቅር አይለኝም። በእንጨት ምክንያት አልጋው ቢላቀቅ ወይም ቢጣመም እስከ አንድ ዓመት በነጻ እጠግናለሁ፤ ውሃ የነካውን ግን አይጨምርም።

ከሚተርፈው ቁራጭ ለኮሞዲኖ እግር የሚሆን አይጠፋም። ከፈለጉ ከአልጋው ጋር አብሬ እልከዋለሁ፤ የተከፈለበት የእርስዎ እንጨት ነው።

አክባሪዎ፣
ታደሰ