አንድ መጋዘን፣ አምስት ሱቅ፦ ቦታውን በስበት ማዕከል ማስላት

አምስት ሱቆች አሉን እንበል። ዕቃቸውን ሁሉ ከአንድ መጋዘን ይወስዳሉ። መጋዘኑ የት ይሁን?

ብዙ ሰው ካርታውን ዘርግቶ በጣቱ መሀሉን ይጠቁማል። ግን የማን መሀል? በወር 150 ቶን የሚወስድ ሱቅና 30 ቶን የሚወስድ ሱቅ እኩል ድምፅ ሊኖራቸው አይገባም። የስበት ማዕከል ዘዴ ይህንን ያስተካክላል። ካርታው ጠንካራ ሰሌዳ ቢሆንና እያንዳንዱ ሱቅ ላይ የፍላጎቱን ያህል ክብደት ብናስቀምጥ፣ ሰሌዳው በአንድ ጣት ላይ ሳያዘነብል የሚቆምበት ነጥብ የስበት ማዕከሉ ነው።

መረጃችን ይኸውና። x ወደ ምሥራቅ፣ y ወደ ሰሜን ያለው ርቀት በኪሎ ሜትር ነው። ሁለቱም የሚለኩት ከካርታው ደቡብ ምዕራብ ጥግ ነው።

| ሱቅ | x | y | ፍላጎት (ቶን በወር) |
|---|---|---|---|
| ሀ | 10 | 60 | 40 |
| ለ | 30 | 20 | 120 |
| ሐ | 50 | 70 | 60 |
| መ | 80 | 40 | 150 |
| ሠ | 90 | 10 | 30 |

ጠቅላላ ፍላጎቱ 400 ቶን ነው። የእያንዳንዱን ሱቅ x በፍላጎቱ እናባዛለን፤ ከዚያ እንደምራለን፦ 400 + 3,600 + 3,000 + 12,000 + 2,700 = 21,700። ለ400 ሲካፈል 54.25 ይሆናል። በ y በኩልም እንዲሁ፦ 2,400 + 2,400 + 4,200 + 6,000 + 300 = 15,300። ለ400 ሲካፈል 38.25። መጋዘኑ (54.25, 38.25) ላይ ወጣ ማለት ነው። ሰንጠረዡ ኤክሴል ላይ ካለና ርዕሶቹ በመጀመሪያው መስመር ከሆኑ፣ ሁለት መስመር ቀመር ይበቃል፦

```
=SUMPRODUCT(B2:B6,D2:D6)/SUM(D2:D6)
=SUMPRODUCT(C2:C6,D2:D6)/SUM(D2:D6)
```

ካርታዎ ኬክሮስና ኬንትሮስ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ አይጨነቁ። አካባቢው ጠባብ እስከሆነ ድረስ ዲግሪዎቹን በቀጥታ እዚሁ ቀመር ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ችግር የሚመጣው ርቀት ሲለካ ነው። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ የትም ቢሆን 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የኬንትሮስ ዲግሪ ግን ከምድር ወገብ በራቅን ቁጥር ይጠባል፤ 60ኛው ዲግሪ ላይ ግማሹን ብቻ ያህላል። ስለዚህ ርቀት ከመለካታችን በፊት የኬንትሮሱን ልዩነት በኬክሮሱ ኮሳይን ማባዛት አለብን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የስበት ማዕከል ዝቅ የሚያደርገው ቶን-ኪሎ ሜትርን፣ ማለትም ቶን ሲባዛ በርቀት የሚመጣውን ድምር፣ አይደለም። ዝቅ የሚያደርገው ቶን ሲባዛ በርቀት *ስኩዌር* የሚመጣውን ድምር ነው። የመኪና ኪራይ ደግሞ በስኩዌር አይከፈልም። 50 ኪሎ ሜትር የራቀ ሱቅ፣ 10 ኪሎ ሜትር ላይ ካለው በቶን አምስት እጥፍ ያስከፍላል እንጂ ሃያ አምስት እጥፍ አያስከፍልም። ስሌቱ ግን ሃያ አምስት እጥፍ እንደሆነ አድርጎ ያየዋል። በዚህ ምክንያት ሩቅ ያሉ ሱቆች ከሚገባቸው በላይ ይጎትታሉ። አንዱ ሱቅ ከጠቅላላው ፍላጎት ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ቢወስድ፣ በቀጥታ መስመር ርቀት ቶን-ኪሎ ሜትር የሚያንሰው እዚያው ሱቁ ደጃፍ ላይ ነው። የስበት ማዕከሉ ግን ከዚያ ጎትቶ ያርቀናል።

ታዲያ ስህተቱ ምን ያህል ነው? እንለካው። ከ(54.25, 38.25) እስከ አምስቱ ሱቆች ያለው የቀጥታ መስመር ርቀት በየፍላጎቱ ተባዝቶ ሲደመር 12,775 ቶን-ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እውነተኛውን ዝቅተኛ ነጥብ ለማግኘት የሃንጋሪው የሒሳብ ሰው ኤንድሬ ቫይስፌልድ እ.ኤ.አ. በ1937 ያሳተመውን መንገድ እንጠቀማለን። ከስበት ማዕከሉ እንነሳለን። የእያንዳንዱን ሱቅ ፍላጎት እስከ እሱ ላለው ርቀት እናካፍላለን፤ ያንን አዲስ ክብደት አድርገን ያንኑ ስሌት እንደግማለን። የመጀመሪያው ዙር ወደ (56.8, 38.0) ወሰደን፤ ሁለተኛው ወደ (58.6, 38.2)። እየተጎተተ ሄዶ በመጨረሻ (65.1, 38.9) አካባቢ ይቆማል፤ ሱቅ መ ወደ ራሱ ስቦታል። እዚያ ድምሩ 12,604 ገደማ ነው።

ልብ በሉ፦ መጋዘኑ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ተንቀሳቀሰ፣ ወጪው ግን በ1.3 በመቶ ብቻ ቀነሰ። እኔ ይህን ዘዴ የምወደው በዚህ ምክንያት ነው። የወጪው ቅርፅ እንደ ሰፊ ሳህን ነው፤ ታቹ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። መሬቱ፣ መብራቱ፣ የመኪና መግቢያው የተሻለ ቦታ ከነጥቡ ስድስትና ሰባት ኪሎ ሜትር ርቆ ቢገኝ አይቆጨንም። ነጥቡን በሁለት ዴሲማል ይዞ የሚከራከር ሰው ካጋጠማችሁ ሻይ ጋብዙትና ሳህኑን አሳዩት።

የሚያስቆጨው ሌላ ነው። መጀመሪያ አካባቢ እንዲህ ዓይነት ስሌት ስሠራ ሱቆቹን በጥንቃቄ መዝግቤ፣ ዕቃው ራሱ ከየት እንደሚመጣ ረሳሁት። አቅራቢም ይስባል! በእኛ ምሳሌ ፋብሪካው (15, 90) ላይ አለ እንበል። የሚልከው 400 ቶን ነው። በትልልቅ መኪና ስለሚመጣ ግን የአንድ ቶን-ኪሎ ሜትር ዋጋው ለሱቆች ከምናከፋፍልበት ግማሹ ነው። ስለዚህ ክብደቱን 400 ሲባዛ በ0.5፣ ማለትም 200 እናደርገዋለን። አሁን የክብደቱ ድምር 600 ሆነ፦

x = (21,700 + 3,000) ÷ 600 = 41.17
y = (15,300 + 18,000) ÷ 600 = 55.50

መጋዘኑ ወደ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ምዕራብ ተሰደደ። ከቀመሩ ምርጫ ይልቅ የመረጃው ጉድለት ሁለት እጥፍ ያህል አንቀሳቀሰው። ከዚህም የምናየው፣ «ክብደት» ስንል በእርግጥ የምንፈልገው ቶንን ሳይሆን ለአንድ ኪሎ ሜትር የምንከፍለውን ገንዘብ መሆኑን ነው። ዕቃው ቀላልና ቦታ በላተኛ ከሆነ፣ ስፖንጅ ለምሳሌ፣ ቶኑን ትተን የመኪና ምልልስ እንቁጠር።

ከዚያ ወደ መንገዱ። ስሌቱ ወንዝና ተራራ አያይም፤ ነጥቡ ሐይቅ መሀል ቢወድቅም ምንም አይመስለው። ስለዚህ በ(41, 55) ዙሪያ የሚከራዩ ሁለት ሦስት ቦታዎች እንፈልጋለን። ከእያንዳንዱ እስከ አምስቱ ሱቆችና እስከ ፋብሪካው ያለውን የመኪና መንገድ እንለካለን፤ በክብደቱ አባዝተን እንደምራለን፤ የቤት ኪራዩን ጨምረን እናወዳድራለን።

ከመፈረማችን በፊት አንድ ሙከራ ይቀራል። የሱቅ መ ፍላጎት ከ150 ወደ 100 ቢወርድስ? ወደ መጋዘን የሚገባውም ወደ 350 ቶን ስለሚቀንስ የፋብሪካው ክብደት 175 ይሆናል። አዲሱ ነጥብ (38.7, 55.3) ነው፤ የተንቀሳቀሰው ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ። ትልቁ ሱቅ አንድ ሦስተኛውን ፍላጎት ቢያጣም ቦታው ብዙም አይነቃነቅም። ፋብሪካውን በሌላ አቅጣጫ ባለ አቅራቢ ቀይራችሁ ብታሰሉ ግን ነጥቡ የት እንደሚሄድ ታያላችሁ። ስለዚህ የመጋዘኑን የአምስት ዓመት ኪራይ ከመፈረማችን በፊት የአቅራቢው ውል ስንት ዓመት እንደቀረው እንይ።