ፍላይቢን ማን በላው? አንድ የአጭር መስመር አየር መንገድ በአምስቱ ኃይሎች ሲመዘን

ቅዳሜ ከሰዓት ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እንሰበሰባለን። አምስት ነን። ሁላችንም ሥራ ውለን በትርፍ ሰዓታችን ቢዝነስ የምንማር። ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላል። አውሮፕላን ወደ ቦሌ ሲወርድ በላያችን ስለሚያልፍ ወሬው በየመሃሉ ይቋረጣል። አንዳንዱ ሁለት ፕሮፔለር ያለው ኪው 400 ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጅማንና ጎንደርን የመሰሉ ከተሞች የሚያዳርስበት። የዚህ ሳምንት የቤት ሥራችንም ያው አውሮፕላን የበላይ የነበረበትን የእንግሊዙን ፍላይቢን የሚመለከት ነው። ከዚህ በታች ያለው ለቡድኑ የጻፍኩት ትንታኔ ነው።

ጥያቄው ምንድን ነው?

የሃርቫርዱ ማይክል ፖርተር የአንድን ሥራ ትርፍ የሚሻሙትን አምስት ኃይሎች፣ ማለትም አቅራቢዎችን፣ ገዢዎችን፣ ተተኪዎችን፣ አዲስ ገቢዎችንና ፉክክርን ያቀረበው በፈረንጆች 1979 ነው። ብዙ ተማሪ አምስት ሳጥን ይሥልና በየሳጥኑ ሦስት ሦስት ነጥብ ሞልቶ ያስረክባል። እኔም ባለፈው ሴሚስተር እንደዚያው አድርጌ አማካይ ውጤት ይዤ ወጣሁ። የፖርተር ጥያቄ ግን ሳጥን መሙላት አይደለም። ደንበኛው ከከፈለው ብር መጨረሻ ላይ ማን ጋ ምን ያህል ይቀራል? ነው።

ከአራብሳ መገናኛ የሚሠራ ሚኒባስ እንውሰድ። ከተሳፋሪው የተሰበሰበው ብር ለነዳጅ፣ ለጎማ፣ ለመለዋወጫ፣ ለረዳቱ፣ ለተራ አስከባሪው ይከፋፈላል። ባለቤቱ ማታ የሚቆጥረው የተረፈውን ነው። ከቡድናችን አንዱ አባቱ የሚኒባስ ባለቤት ናቸው። «አባዬ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲጭን ይውላል፣ ማታ ግን ስለ ጎማ ነው የሚያወራው» አለን። አምስቱ ኃይሎች ማለት ይኸው ነው። ሰው ጢም ብሎ ተጭኖም ትርፍ ላይኖር ይችላል።

ጉዳዩ ባጭሩ

ድርጅቱ በ1979 በጀርሲ ደሴት ተነሣ። የመጀመሪያ ስሙ ጀርሲ ዩሮፒያን ነበር። (ፖርተር ጽሑፉን ባወጣበት ዓመት መሆኑ ግጥምጥሞሽ ነው፣ ግን ደስ ይላል።) በ2002 ፍላይቢ ተባለ። ዋና ቢሮው ኤክሰተር ነበር። በዲሴምበር 2010 አክሲዮኑን ለንደን ገበያ ላይ ሲያወጣ አንዱ በ295 ፔንስ ተሸጠ። በ2019 መጀመሪያ ላይ ቨርጂን አትላንቲክ ያለበት ቡድን ድርጅቱን ሲገዛው ለአንድ አክሲዮን የከፈለው 1 ፔንስ ነው። ማርች 5 ቀን 2020 በረራ አቆመ።

ወረርሽኙ ነው የጣለው የሚል አለ። ወረርሽኙ የመጨረሻው ግፊት ነበር እንጂ፣ 295ቱን ወደ 1 ያወረደው እሱ አይደለም። ያ ቀደም ብሎ ነው የሆነው።

አቅራቢዎች፦ ገመዱ የጠበቀው እዚህ ጋ ነው

ከሁሉም በላይ መቆየት ያለብን እዚህ ላይ ነው። ያን ጊዜ አጭር መስመር ለሚበር ድርጅት ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን የሚሠራለት በተግባር ሁለት ፋብሪካ ብቻ ነበር። አንዱ የፈረንሳይና የጣሊያኑ ኤቲአር፣ ሌላው የካናዳው ኪው 400። ሞተሩም ከአንድ ኩባንያ፣ ከፕራት ኤንድ ዊትኒ ካናዳ ይመጣል። አብራሪዎችህን በአንዱ ካሠለጠንክ፣ መለዋወጫህን ካከማቸህ በኋላ «ወደ ሌላው ሄድኩ» ብለህ ማስፈራራት አይሠራም። ሻጩም ያውቃል።

ፍላይቢ ከዚህ ለመውጣት የመረጠው መንገድ ግን ወደ ባሰው ወሰደው። የብራዚሉን ፋብሪካ የኢምብራየርን ጄቶች አመጣ። ባለ 118 ወንበሩን ኢ195 በኪራይ ያዘ። በ2010 ደግሞ 35 ኢ175 በአንድ ጊዜ አዘዘ። የአውሮፕላን ኪራይ ውል እንደ ኮንዶሚኒየም ዕዳ ነው። ቤቱ ባዶ ቢሆንም ወሩ ሲደርስ ይከፈላል።

ቁጥሩን በወረቀት ላይ እንየው። በቀን 60 ሰው የሚሄድበት መስመር አለ እንበል። ባለ 78 ወንበሩ ኪው 400 ላይ 60 ሰው ማለት 77 በመቶ ሙሉ ነው። ባለ 118ቱ ኢ195 ላይ ያው 60 ሰው 51 በመቶ ብቻ ነው። ሰዉ አልቀነሰም። አውሮፕላኑ ነው የሰፋው። የተረፈውን ወንበር ለመሙላት ዋጋ ትቀንሳለህ፤ ዋጋ ስትቀንስ ትርፉ ይሄዳል። በኋላ 14 ኢ195ዎች ሥራ አጥተው ኪራያቸው ግን ሲቆጥር እንደነበር እናውቃለን። ለእኔ የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ እነዚህ 14 አውሮፕላኖች ናቸው።

በዚህ ላይ ምንዛሬው አለ። ነዳጅ በዶላር ነው። ኪራይ በዶላር ነው። ተሳፋሪው ግን የሚከፍለው በፓውንድ ነው። በጁን 2016 እንግሊዞች ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ብለው ድምፅ ሲሰጡ ፓውንድ ወረደ። የፍላይቢ ወጪ በአንድ ሌሊት ወደ ላይ ሄደ። ይህን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ብር በገበያ ሲተመን ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በአጭር ጊዜ ከ100 በላይ ሲገባ፣ ዕቃ በዶላር አምጥቶ በብር የሚሸጥ ሁሉ የሚሆነውን በዓይናችን አይተናል።

የአየር ማረፊያውም አቅራቢ ነው። የለንደኑ ጋትዊክ የማረፊያ ክፍያውን ያስተካከለው ለትላልቅ አውሮፕላኖች በሚመች መንገድ ነበር። 78 ሰው የጫነም 189 ሰው የጫነም አንድ ማኮብኮቢያ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ትንሹ ለአንድ ተሳፋሪ የሚከፍለው ይበዛል። ፍላይቢ በ2013 የጋትዊክ የማረፊያ ሰዓቶቹን ለርካሽ አየር መንገዱ ለኢዚጄት በ20 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠ። ሲሸጥ ገንዘብ አገኘ። የለንደንን በር ግን ለተፎካካሪው ነው ያስረከበው።

ተተኪዎች፦ ተፎካካሪው መሬት ላይ ነው

ቡድኑ ውስጥ ክርክር የተነሣው እዚህ ላይ ነው። አንዷ «ተተኪ ማለት ሌላ አየር መንገድ ነው» አለች። አይደለም። ሌላ አየር መንገድ ተፎካካሪ ነው። ተተኪ ማለት ያንኑ ችግር በሌላ መንገድ የሚፈታ ነገር ነው። ጅማ ለመሄድ ሌሊት ተነሥቶ አውቶቡስ መያዝ የአውሮፕላን ተተኪ ነው። በስልክ ጨርሶ አለመሄድም ተተኪ ነው።

እንግሊዝ ትንሽ አገር ናት። ባቡር አለ፣ ጥሩ አስፋልት አለ። ከማንቸስተር ለንደን ባቡሩ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ የሚያወርድህም መሃል ከተማ ነው። አውሮፕላኑ በአየር ላይ አንድ ሰዓት ብቻ ቢቆይም ወደ ማረፊያው መሄጃው፣ ፍተሻው፣ መውጫው ሲደመር ያው ነው። ነገር ግን ሁሉም መስመር እንዲህ አይደለም። ከኤክሰተር ማንቸስተር ባቡሩ ረጅም ነው። ከሳውዝሃምፕተን ጀርሲ ደግሞ ባሕር አለ። ከበርሚንግሃም ቤልፋስትም ባሕር አለ። ባሕር ላይ መኪና አይነዳም። መርከቡ ደግሞ ቀርፋፋ ነው።

ስለዚህ «የተተኪዎች ስጋት፦ ከፍተኛ» ብሎ መጻፍ ሰነፍ መልስ ነው። ስጋቱ በመስመር በመስመር ይለያያል። ባሕር ባለበት ዝቅተኛ፣ የለንደን ባቡር ባለበት ከፍተኛ ነው። አንድ ሳጥን ውስጥ አንድ ቃል ከጻፍን ለውሳኔ የሚጠቅመውን ነገር ነው የምንጥለው።

ግብሩስ የት ይገባል?

ፖርተር መንግሥትን ስድስተኛ ኃይል አላደረገውም። አምስቱን የሚያጠነክር ወይም የሚያላላ ነገር ነው ይላል። የእንግሊዝ የተሳፋሪ ግብር ይህን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ያን ጊዜ አጭር በረራ ላይ በተራ ወንበር 13 ፓውንድ ነበር፣ ከእንግሊዝ በተነሣህ ቁጥር። ፓሪስ ደርሶ የሚመለስ ሰው አንዴ ብቻ 13 ይከፍላል። ከኤክሰተር ማንቸስተር ደርሶ የሚመለስ ግን ሲሄድም ሲመለስም ከእንግሊዝ ስለሚነሣ 26 ይከፍላል። ትኬቱ ደርሶ መልስ 100 ፓውንድ ቢሆን ሩቡ ከእጅ ወጣ ማለት ነው። ባቡር የሚሳፈር ይህን አይከፍልም። ግብሩ ተተኪውን አጠነከረ። ጃንዋሪ 2020 ላይ ፍላይቢ የተጠራቀመበትን ይህንኑ ግብር ቀስ ብሎ እንዲከፍል ከመንግሥት ጋር ሲደራደር ነበር። በ2023 የአገር ውስጡ ግብር ወደ 6.50 ወረደ። ፍላይቢ አልነበረም።

ፉክክር፣ አዲስ ገቢዎችና ገዢዎች

ፉክክሩ ከሁለት ወገን ነው። ሰው በበዛበት መስመር ኢዚጄትና ራያንኤር በትልልቅ አውሮፕላን ይመጣሉ። የአንድ ወንበር ወጪያቸው ስለሚያንስ የዋጋ ጦርነት ውስጥ ፍላይቢ አያሸንፍም። ሰው ባነሰበት መስመር እነሱ አይመጡም። ስለዚህ ፍላይቢ ጄት ይዞ ወደ ትልቁ መስመር ሲጠጋ፣ በገዛ እግሩ እነሱ ሜዳ ገባ።

አዲስ ገቢን የሚያግድ አጥር አለ ይባላል። ካፒታል፣ ፈቃድ፣ ደኅንነት። እውነት ነው። ግን አውሮፕላን በኪራይ ይገኛል፤ የወደቀው ድርጅት አብራሪዎችም ሥራ እየፈለጉ ነው። ፍላይቢ በወደቀ ማግሥት የስኮትላንዱ አየር መንገድ ሎጋንኤር 16 መስመሮቹን እበራለሁ አለ። አጥሩ እንደሚመስለው ከፍ ያለ አይደለም።

ገዢዎችን በሁለት መስመር እጨርሳለሁ። አንድ ተሳፋሪ ብቻውን ምንም አቅም የለውም። ግን ስልኩ ላይ የሁሉንም ዋጋ ጎን ለጎን ያያል፤ ለመቀየርም አንዲት ሳንቲም አትጠይቀውም።

ታዲያ ምን ማድረግ ነበረበት?

የእኔ መልስ፣ የቡድኑ ሁሉ ባይሆንም፣ ይህ ነው። 2010 ላይ ጄቶቹን አለማዘዝ። በኪው 400 ብቻ መቆየት። ባሕር ያለባቸውንና ባቡር የማያመቻቸውን መስመሮች መያዝ። የለንደን ባቡርን የሚነካውን ለባቡሩ መተው። ድርጅቱ ያንሳል። ይነስ።

ባንክ የምትሠራዋ ጓደኛችን ቡናውን እየቀዳች ያዝ አደረገችኝ። «ይህን የሞከረ የለም?» አለች።

አለ። በኤፕሪል 2022 ፍላይቢ በዚያው ስም፣ በኪው 400 ብቻ፣ ከበርሚንግሃም እንደገና ተነሣ። ጃንዋሪ 28 ቀን 2023 እንደገና ቆመ። ዘጠኝ ወር ተኩል። ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ በኪራይ ይመጣሉ የተባሉ 17 አውሮፕላኖች መዘግየታቸው ነው።

እሷም እስክርቢቶዋን አንሥታ ወረቀቱ ላይ «አቅራቢ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አሠመረችበት።