የጥቅምት ወር የክምችት ዋጋ ሪፖርት ከመጋዘን መዝገብ ጋር አልተስማማም

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ፣

ሲስተሙ ያወጣው የጥቅምት መዝጊያ ሪፖርት የመርካቶውን መጋዘን ክምችት 4,812,600 ብር ይለዋል። በቢን ካርድ ላይ ያለው ቀሪ፣ በዚያው አማካይ ዋጋ ሲሰላ ግን 4,200,200 ብር ነው። የ612,400 ብር ልዩነት ይዤ ሂሳብ ክፍል መግባት አልችልም።

ዋጋው ላይ ችግር አላገኘሁም፤ የሚለያየው ብዛቱ ነው። ለምሳሌ 60 በ60 ሴራሚክ በሪፖርቱ 1,240 ካርቶን ሲሆን በቢን ካርዱ 890 ነው። የጎደሉት 350 ካርቶኖች በሙሉ ከጥቅምት 22 በኋላ በወጪ ደረሰኝ የወጡ ናቸው። በጥቅምት 25 የገባው የሴራሚክ ማጣበቂያም በሪፖርቱ ውስጥ የለም። ስለዚህ ሪፖርቱ በጥቅምት 30 ሳይሆን በፈረንጆቹ ኦክቶበር 31፣ ማለትም በጥቅምት 21 የሚዘጋ ይመስለኛል። እባክህ መጀመሪያ ይህን አረጋግጥልኝ።

የመጋዘን ኃላፊዋ ቆጠራውን በጥንቃቄ ነው የሠራችው፤ በሲስተሙ ስህተት ተጠያቂ እንድትሆን አልፈልግም። አንተም ልዩነቱን ለመሸፈን በእጅ ማስተካከያ እንዳታስገባ፤ መነሻው ይጠፋብናል። የደረሰኞቹን ቅጂ አያይዣለሁ። ሂሳብ ክፍል ሐሙስ ስለሚጠብቀኝ ነገ ከሰዓት በፊት ያገኘኸውን ንገረኝ፤ ካስፈለገ ካዛንቺስ ቢሮ አብረን እንየው።

የኦፕሬሽን ሥራ አስኪያጅ