የመጀመሪያ የደመወዝ ወረቀትዎን ሲያነቡ

አዲስ ሠራተኛ የመጀመሪያ የደመወዝ ወረቀቱን ይዞ ወደ ሂሳብ ክፍል ሲመጣ ጥያቄው ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ «የተቀጠርኩት በ12,000 ነው፤ ባንክ የገባልኝ 7,500 ነው። ቀሪው የት ሄደ?» መልሱ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ሰው ግን ዓይኑን መጀመሪያ የሚጥለው ግርጌው ላይ ነው። እኛ ከላይ እንጀምር።

ስምዎንና የባንክ ሂሳብ ቁጥርዎን አንድ በአንድ ያመሳክሩ። ቀጥሎ ያለው «የክፍያ ጊዜ» ነው፤ ከጥያቄው ግማሽ በላይ የሚፈታው እዚህ ነው። ሥራ የጀመሩት ወሩ በገባ በ11ኛው ቀን ከሆነ፣ ከ30 ቀን የሚታሰብልዎ 20 ቀን ነው። ስለዚህ «መሠረታዊ ደመወዝ» 8,000 ይላል። (አንዳንድ ድርጅት በሥራ ቀናት ብቻ ስለሚያካፍል ቁጥሩ ትንሽ ሊለይ ይችላል።) የ900 የትራንስፖርት አበልም በዚያው ስሌት 600 ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ «ጠቅላላ ክፍያ» 8,600 ነው።

አሁን ተቀናሾቹ። «የጡረታ መዋጮ» ከመሠረታዊ ደመወዝ 5 በመቶ ቢሆን 400 ነው። አጠገቡ «የአሠሪ መዋጮ 800» የሚል መስመር ካዩ አይደንግጡ፤ እሱን ድርጅቱ በላዩ ይጨምርልዎታል እንጂ ከእርስዎ አይቆረጥም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «የሥራ ግብር» ላይ ነው። የግብሩን መጣኔና ከግብር ነፃ የሚሆነውን የሚወስነው የየአገሩ ሕግ ነው፤ የስሌቱ መንገድ ግን ብዙ ቦታ ይመሳሰላል። ደመወዝዎ በመደብ ይከፋፈላል። የመጀመሪያው 3,000 ነፃ፣ ቀጣዩ 3,000 በ10 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው በ20 በመቶ ይታሰባል እንበል፤ አበሉንም ግብር አይነካውም። ከ8,000 የሚቆረጠው 300 እና 400፣ በድምሩ 700 ነው። ሃያ በመቶው ያረፈው በመጨረሻው 2,000 ላይ ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ። «ጭማሪ ካገኘሁ ከፍ ወዳለው መደብ ገብቼ እከስራለሁ» የሚባለው ወሬ መሠረት የሌለው ለዚህ ነው።

ብድር፣ ቁጠባ ወይም የማኅበር መዋጮ ተቆርጦ ካዩ መቼ እንደፈረሙበት ያስታውሱ። ካልፈረሙ ይጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

8,600 ሲቀነስ 400፣ ሲቀነስ 700፦ «የተጣራ ክፍያ» 7,500።

ወረቀቱን አስቀምጡት፤ ከሚቀጥለው ወር ጋር ያስተያዩታል። ያኔ ደመወዙ ሙሉ 12,000፣ አበሉ 900፣ ጡረታው 600 ይሆናል። ግብሩ ከእጥፍ በላይ አድጎ 1,500 ሲሆን ስህተት እንዳይመስልዎ፤ የተጨመረው 4,000 በሙሉ የወደቀው በ20 በመቶው መደብ ውስጥ ነው። ባንክ የሚገባልዎ 10,800 ነው። ከዚያ ከጎደለ ሁለቱንም ወረቀት ይዘው ይምጡ።