ኔት ጠፋ! የኮምፒውተሩ ነው፣ የራውተሩ ነው ወይስ የመስመሩ?

ይህ ወረቀት ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ ባለው ኮፒ ቤታችን አዲስ ለጀመራችሁ ሁለታችሁ ነው። ራውተሩ አጠገብ ይለጠፍ።

ኔት ጠፋ ሲባል የሁሉም ሰው እጅ ራውተሩን ነቅሎ ለመሰካት ይሮጣል። ተዉት። ራውተሩ ሲነቀል መብራቶቹ ላይ ይታይ የነበረው ምልክት አብሮ ይጠፋል። መጀመሪያ እዩ፣ ከዚያ ንኩ።

አንደኛው ጥያቄ፦ የጠፋው በስንት ዕቃ ላይ ነው? አንዱ ኮምፒውተር እምቢ ብሎ ሌላው እየከፈተ ከሆነ ራውተሩም መስመሩም ደህና ናቸው። ችግሩ ያ ኮምፒውተር ላይ ነው። በስልክ ስትሞክሩ ሞባይል ዳታውን አጥፉ። ካላጠፋችሁት ስልኩ በሲም ካርዱ ይከፍትና «ዋይፋዩ ይሠራል» ያሰኛችኋል። በዚህ ስንቱ ተሸውዷል!

አንድ ገጽ ብቻ እምቢ ካለም ኔት ጠፋ ማለት አይደለም። የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚለቀቅ ቀን ሰልፉ በር ድረስ ይደርሳል፣ ገጹ አይከፍትም፣ ተማሪው እኛን ይቆጣል። ሌላ ገጽ ከፍታችሁ አሳዩት። ያኛው ከከፈተ የተጨናነቀው የውጤቱ ገጽ ነው።

ችግሩ የአንድ ኮምፒውተር ከሆነ ኬብሉን፣ ዋይፋዩንና ቀኑን እዩ። ቀኑን የምለው በምክንያት ነው። ኮምፒውተር የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ነው። አንድ ደንበኛ «ዓመቱ ተሳስቷል» ብሎ በእኛ አቆጣጠር ካስተካከለው ኮምፒውተሩ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ድረ ገጾች የሚያሳዩት የምስክር ወረቀት ደግሞ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ኮምፒውተሩ «ገና አልጀመረም» ይልና ገጹን ይዘጋዋል። ክሮም ላይ Your clock is behind የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ነገሩ ይኸው ነው። የማዘርቦርዱ ትንሿ ባትሪ ያለቀበት አሮጌ ኮምፒውተርም መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ቀኑን ይረሳል።

በሁሉም ዕቃ ላይ ከጠፋ በኬብል ከራውተሩ ጋር የተያያዘው ኮምፒውተር ላይ cmd ክፈቱና እነዚህን አንድ በአንድ ጻፉ፦

```
ping 192.168.1.1
ping 8.8.8.8
ping google.com
```

የመጀመሪያው የራውተሩ አድራሻ ነው። የቤታችሁ ራውተር ሌላ አድራሻ ሊኖረው ይችላል፤ ipconfig ብላችሁ Default Gateway ከሚለው ፊት ያለውን ቁጥር ውሰዱ። Reply from 192.168.1.1 ካለ ከራውተሩ ጋር ተገናኝታችኋል። Request timed out ወይም Destination host unreachable ካለ ከኮምፒውተሩ እስከ ራውተሩ ባለው መንገድ ላይ ችግር አለ። ኬብሉን ቀይሩ። አሁንም ካልሆነ፣ ሌሎቹም ዕቃዎች ራውተሩን ካላገኙት፣ ራውተሩን የምትነቅሉት ያኔ ነው። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆዩና መልሱት፣ መብራቶቹ እስኪረጋጉም ጠብቁ። በኬብል ሠርቶ በዋይፋይ እምቢ ካለ የተበላሸው የራውተሩ ዋይፋይ ብቻ ነው።

ራውተሩ መልሶ 8.8.8.8 ዝም ካለ ነገሩ ከደጅ ውጭ ነው። የኛ መስመር ፋይበር ስለሆነ LOS የሚለውን መብራት እዩ። ቀይ ከሆነ ብርሃኑ ራውተሩ ጋ አልደረሰም። ቀጭኗ ገመድ ተጣጥፋ ወይም ወንበር ተጭኗት እንደሆነ አረጋግጡ። ገመዷን አትንቀሉ፣ ጫፏንም በዓይናችሁ አትመልከቱ፤ የማይታይ ሌዘር አለባት። LOS ጠፍቶ PON ሳያቋርጥ ብልጭ ድርግም ካለም ራውተሩ ከአቅራቢው ጋር አልተስማማም። በመዳብ የስልክ መስመር የምትጠቀሙ ቤት ደግሞ የምታዩት DSL የሚለውን ነው፤ የቤት ስልኩም ድምፅ ከሌለው መስመሩ ተቋርጧል።

መብራቶቹ ሁሉ ደህና ሆነው ካልሠራ ወርሃዊው ክፍያ መከፈሉን ጠይቁኝ። ያሳፍራል፣ ግን ያጋጥማል።

8.8.8.8 መልሶ google.com ካልተገኘ መስመሩ አለ፤ የጠፋው ስምን ወደ ቁጥር የሚቀይረው አገልግሎት ነው። የአንዱን ኮምፒውተር DNS 8.8.8.8 አድርጋችሁ ሞክሩ።

ከመደወላችሁ በፊት ጎረቤት ፋርማሲውን ጠይቁ። የነሱም ከጠፋ ራውተራችንን መነካካት ከንቱ ድካም ነው። መብራት ሄዶ ከመጣ ደግሞ ትንሽ ታገሡ፤ እኛ ጋ መጥቶ የአቅራቢው መሣሪያ ያለበት ሰፈር ገና ሊሆን ይችላል።

ኢትዮ ቴሌኮም 994 ነው። «ኔት የለም» ብቻ አትበሉ። እንዲህ በሉ፦ «የአገልግሎት ቁጥራችን ይኸው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ጠፍቷል። LOS ቀይ ነው። ራውተሩ ለፒንግ ይመልሳል፣ 8.8.8.8 አይመልስም። የጎረቤት ይሠራል።» የአገልግሎት ቁጥሩ ራውተሩ ሥር ተለጥፏል። የሚሰጧችሁን የአቤቱታ ቁጥር ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር በደብተሩ ላይ ጻፉ፤ ማታ እኔ እከታተላለሁ።