የዓለም ሃይማኖቶች መግቢያ፦ የኮርስ ዝርዝር

ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች፣ 2ኛ ሴሚስተር። 3 ክሬዲት፣ 16 ሳምንት። ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 8፡00 እስከ 9፡30። መምህሩ ረቡዕ ከጠዋቱ 3፡00 እስከ 5፡00 ቢሮ ይገኛል።

ይህ ኮርስ የማንንም እምነት ለማጽናትም ለመናድም አልተዘጋጀም። መለኪያችን አንድ ነው፤ ስለ አንድ ሃይማኖት የጻፋችሁትን የዚያው ሃይማኖት ተከታይ ቢያነበው «አዎ፣ ይህ የእኛ ነው» ይላል?

ከኮርሱ የሚጠበቅ ውጤት

የሂንዱን፣ የቡድሃን፣ የሲክን፣ የአይሁድን፣ የክርስትናን፣ የእስልምናንና የዋቄፈና እምነትን መሠረታዊ ትምህርትና ሥርዓት ታብራራላችሁ። ቅዱሳት ጽሑፎችን ከአውዳቸው ሳትነጥሉ ታነባላችሁ። «አማኞቹ እንዲህ ይላሉ» እና «እውነቱ ይህ ነው» የሚሉትን አነጋገሮች ለይታችሁ ትጽፋላችሁ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም ስለሚከብድ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምረን እንለማመደዋለን።

ንባብ

ከሳምንት 3 እስከ 7፦ ባጋቫድ ጊታ ምዕራፍ 2፣ ዳማፓዳ ምዕራፍ 1፣ የሲኮች የጠዋት ጸሎት ጃፕጂ። የአማርኛ ትርጉማቸው በሃንድአውት ይታደላል። ሳምንት 8 ሚድ ነው።

ከሳምንት 9 እስከ 14፦ ዘጸአት 12፣ ማቴዎስ 5–7፣ ሱረቱ መርየም። በእስልምና ትውፊት መሠረት የነቢዩ ሙሐመድ ባልደረባ ጃዕፈር በሐበሻው ንጉሥ በነጃሺ ፊት ያነበበው ከዚሁ ሱራ ነው፤ ስለዚህ ንባቡ ከሀገራችን ታሪክም ጋር ይገናኛል። ሁለት ሙሉ ክፍለ ጊዜ የምንሰጠው ግን ለአብርሃም መሥዋዕት ነው። ዘፍጥረት 22 ልጁን ይስሐቅ ብሎ ይጠራዋል፤ ሱረቱ አስ-ሷፋት (37፡99–113) በትረካው ላይ የልጁን ስም አይጠቅስም። ዛሬ አብዛኞቹ ሙስሊሞች እስማኤል ነው ይላሉ፤ የቀደሙት የተፍሲር፣ ማለትም የቁርኣን ማብራሪያ፣ ጸሐፊዎች ግን ተለያይተውበታል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ፣ ማን ትክክል እንደሆነ ሳትፈርዱ፣ ልዩነቱን ትጽፋላችሁ።

ሳምንት 15፦ ዋቄፈናና ኢሬቻ። የጽሑፍ ንባብ የለውም፤ አንድ የሀገር ሽማግሌ ክፍል መጥተው ያስረዱናል። ሳምንት 16 ክለሳ ነው።

ምዘና

የንባብ ማስታወሻ 20፣ ሚድ 20፣ የጉብኝት ሪፖርት 25፣ ፋይናል 35።

ለጉብኝት የራሳችሁ ያልሆነ ቤተ እምነት ትመርጣላችሁ፤ አስቀድማችሁ ታስፈቅዳላችሁ፣ ጫማ በሚወለቅበት ታወልቃላችሁ፣ ያለ ፈቃድ ፎቶ አታነሱም። ሕሊናው መግባት የማይፈቅድለት ተማሪ ውጭ ሆኖ አንድ አማኝ ያነጋግራል፤ ነጥብ አይቀነስበትም።

በእኛ ሀገር ስም ብቻውን ሃይማኖትን ይናገራል። ስለዚህ በፈተና ወረቀትና በሪፖርት ላይ የሚጻፈው ኮድ ብቻ ነው፤ የኮዱ ዝርዝር እርማቱ እስኪያልቅ ዲፓርትመንቱ ጋር ይቆያል። ፈተና ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ቅዳሜ ወይም እሑድ አይሰጥም። በዓል የሚገጥመው ተማሪ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ያሳውቅ፤ ኢድ በጨረቃ ስለሚወሰን የአንድ ቀን መዛነፍ ችግር የለውም።

ውጤቱ ላይ ቅሬታ ያለው በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ያመልክት። ወረቀቱን ሌላ መምህር የመጀመሪያውን ነጥብ ሳያይ ያርመዋል።