ሰላም ለሰላም፣ ከቡዳፔስት

ሰላም፣ ሰላም!

በዚህ ስም ሰው ሁሉ ሲቀልድብሽ እንደኖረ እገምታለሁ። ይቅርታ፣ ማለፍ አቃተኝ። እንዴት ነሽ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና? ሀዋሳ ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል?

ሜሮን እባላለሁ። የደሴ ልጅ ነኝ። እዚህ ቡዳፔስት የውሃ ምህንድስና ማስተርሴን ሁለተኛ ዓመት ልጀምር ነው። ባለፈው ሳምንት የዶርም ቢሮው ከማን ጋር እንደምኖር በኢሜይል ነገረኝ። የጻፉልኝ ስምሽንና አገርሽን ብቻ ነበር። ከዚያ በተማሪዎቹ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ነሐሴ 28 እገባለሁ፣ ምን ይዤ ልምጣ?» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁና «ይቺማ የኔዋ ናት» አልኩ። አንቺ እያልኩሽ ነው፣ አይክፋሽ። አንድ ክፍል ውስጥ ልንተኛ አንቱ መባባል አያምርብንም።

እውነቱን ልንገርሽ? ስምሽን ሳይ ደስም አለኝ፣ ፈራሁም። ደስ ያለኝ ማታ ማታ አማርኛ የማወራው ሰው በማግኘቴ ነው። የፈራሁትም በዚያው ምክንያት ነው።

አምና መጀመሪያ የደረሰችኝ የካዛክስታን ልጅ ነበረች። በገባች በሁለተኛው ቀን «ሽንኩርት ስታቁላዪ የክፍሉን በር ዝጊው፣ ልብሴ ይሸታል» አለችኝ። እንዲሁ ፊት ለፊት። ሌሊቱን ሙሉ ተብሰለሰልኩ። በነጋታው እኔም በንዴት «አንቺም ከእናትሽ ጋር በስልክ ስታወሪ ኮሪደር ውጪ» አልኳት። «እሺ» አለች። በቃ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ሳንጋጭ ሴሚስተሩ አለቀ።

እሷ ስትሄድ የአገሬ ልጅ መጣች። ጨዋ፣ ሰው አክባሪ። እኔም ጨዋ ልሁን ብዬ ተነሳሁ። «ችግር የለም»፣ «ኧረ ምንም አይደል» ስንባባል ከረምን። እሷ ለጸሎት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ስልኳን ትሞላለች። ሲጮህ አጥፍታ ትተኛለች፣ እንደገና ይጮሃል፣ እንደገና ታጠፋለች። የምነቃው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ትንፍሽ አላልኩም። እኔ ደግሞ ሌሊት መስኮት ከፈት አድርጌ ነው የምተኛው። ለካ እሷ በብርድ ተሰቃይታ ጃኬት ለብሳ ነበር የምታድረው! እሷም ትንፍሽ አላለችም። ሰኔ ላይ ባቡር ጣቢያ ስሸኛት ሻንጣዋን እየጫነች «ሜሪዬ፣ ለመሆኑ ያ መስኮት ግን ምን በደለሽ?» አለችኝ። «ያ ስልክሽስ?» አልኳት። እዚያው ቆመን እስክናለቅስ ሳቅን። ግን አምስት ወር ሙሉ በይሉኝታ መገላመጣችን ቀረ? አልቀረም።

ይህን ደብዳቤ የሚያክል መልእክት የምጽፍልሽ ለዚህ ነው። አመሌን ሳትመጪ እወቂው፤ አንቺም አመልሽን ንገሪኝ።

ስለዚህ ከኔ ልጀምር። የሌሊት ሰው ነኝ። እስከ ሰባት ሰዓት አጠናለሁ፣ ግን በትንሿ የጠረጴዛ መብራት ነው። ጠዋት ቡና ሳልጠጣ አታውሪኝ። ተቆጥቼ አይደለም፣ ገና ስላልነቃሁ ነው። ጠረጴዛዬ ንጹሕ ነው። ወንበሬ ላይ ግን የልብስ ክምር ታገኛለሽ። እናቴ ይህን ክምር በቪዲዮ እያየች ስታለቅስ ኖራለች፣ አልተሻሻልኩም። መስኮቱን እስካሁን እከፍታለሁ። እዚህ ቤቱ ውስጥ በራዲያተር ስለሚሞቅ አየሩ ይደርቃል፣ ጉሮሮዬን ያንቀኛል። ብርድ የምትፈሪ ከሆንሽ ግን ከመተኛታችን በፊት አናፍሼ እዘጋዋለሁ። ንገሪኝ ብቻ።

ሌላው ጾም ነው። እኔ ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ፣ ዐቢይ ጾምንም እንደዚሁ። ስምሽ ሰላም ስለሆነ ሃይማኖትሽን መገመት አልቻልኩም። ሙስሊም ከሆንሽ ድስትና መጥበሻ ከአሁኑ እንለይ፤ ሁለት ትርፍ ድስት አለኝ። ፕሮቴስታንት ከሆንሽም ከጾሙ ድስት ላይ ሥጋውን አርቂልኝ እንጂ ሌላ ጣጣ የለኝም። ማታ የምትጸልዪ ወይም የምትሰግጂ ከሆነ ሰዓቱን ንገሪኝና ክፍሉን ለቅቄልሽ ኩሽና አጠናለሁ።

ክፍላችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት አልጋ፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ ለሁለት የተከፈለ ቁም ሳጥን፣ አንዲት ትንሽ ፍሪጅ። ሻወርና ሽንት ቤት ከጎረቤት ክፍል ጋር የጋራ ነው፣ ኩሽናው ደግሞ የፎቁ ሁሉ። መስኮቱ ትልቁን ቀለበት መንገድ ያያል። በሥሩ 6 ቁጥር ትራም ያልፋል፤ እሱ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ሳምንት ታማርሪያለሽ፣ ከዚያ ድምፁን መስማት ታቆሚያለሽ። አሁን የመስኮቱ አልጋ የኔ ነው። ከፈለግሽው እንቀያየራለን፣ ከምሬ ነው።

ኩሽናው ላይ አንድ ሕግ አለኝ፤ ቡና አይቆላም። አምና ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የገና ሰሞን ናፍቆት ይዞኝ ጥሬ ቡና በመጥበሻ ቆላሁ። ጭሱን ለሁሉም አዳርሼ «እሰይ» ልል ስል ጣሪያው ላይ ያለችው የጭስ ጠቋሚ ጮኸች። ሕንፃው በሙሉ ፒጃማውን ለብሶ በበረዶ ላይ ቆመ። ቪየትናሞቹ ልጆች እስከ ዛሬ ሲያዩኝ በጣታቸው የጭስ ምልክት ያሳዩኛል። ስለዚህ ቡናውን እዚያው ቆልተሽ አስፈጭተሽ አምጪ። ዕጣንም ይቅር። ጀበና አለኝ፣ ሲኒም አለኝ።

«ምን ይዤ ልምጣ» ላልሽው፦ የአየር መንገዳችን ትኬት ከሆነ ሁለት ሻንጣ ባለ 23 ኪሎ ይኖርሻል። ትኬትሽ ላይ ግን አረጋግጪ። ካፖርትና ቦት ጫማ ገዝተሽ ቦታ አትጨርሺ። እዚህ ሰልባጅ በኪሎ የሚሸጥባቸው ሱቆች አሉ፣ በረዶ የሚችል ካፖርት ከዚያ እናነሳለን። ሶኬቱ ያው የኛው ዓይነት ነው፣ መቀየሪያ አያስፈልግሽም። ያን ኪሎ ለበርበሬ፣ ለሽሮና ለድርቆሽ አውይው። በተለይ ድርቆሽ። የፈተና ሰሞን ሕይወት አድን ነው።

ቅቤ ግን እንዳታስቢው። ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከውጭ ይዞ ወደ አውሮፓ ኅብረት መግባት ክልክል ነው፣ ስለዚህ ቋንጣም አይብም አይሆንም። ካገኙብሽ ይወስዱታል፣ መቀጫም አለው። ይልቅ ኮረሪማ፣ ኮሰረትና በሶብላ ይዘሽ ነይ። የሃንጋሪዎቹን ቅቤ ገዝተን እዚሁ እናነጥረዋለን። ከእናቴ ቅቤ ጋር አይወዳደርም፣ ግን ወጡን ወጥ ያደርገዋል።

የሃንጋሪ ፓፕሪካ በርበሬን ይተካል የሚልሽ ካለ አትመኚው። መልኩን ስታዪ ልብሽ ይዘላል። እኔም መጀመሪያ ሳምንት አንድ ከረጢት ገዝቼ ዶሮ ወጥ ብዬ ተነሳሁ። ቀይ ነው፣ ግን ጣፋጭ! ለካ ጣፋጩና የሚያቃጥለው ለየብቻ ነው የሚሸጠው። የሚያቃጥለውም ቢሆን ድልህ አይሆንም። የነሱን ጉላሽ ግን ቅመሺው። ፓፕሪካ በቦታው ሲገባ ሌላ ነገር ነው።

ገንዘብን በተመለከተ፣ እንደኔ የሃንጋሪ መንግሥት ስኮላርሺፕ ከሆነ ለማስተርስ ተማሪ በወር 43,700 ፎሪንት ነው። ዶርሙ ነጻ ባይሆን ኖሮ አንድ ሳምንትም አያዛልቅም ነበር። ባንክ ሒሳብ እስኪከፈት ድረስ ይዘገያል፤ ለኔ የመጀመሪያው የገባልኝ ጥቅምት ላይ ነው። ለአንድ ወር ተኩል የሚሆን ዩሮ ያዢ። ብር እዚህ የሚመነዝርልሽ የለም። ብታጥሪም አትጨነቂ፣ እስኪከፈልሽ ከኔ ትበያለሽ። ይህን ስል ደግሞ «ኧረ ችግር የለም» እንዳትይኝ። የተነጋገርነውን አስታውሺ።

አንድ ማንም የማይነግርሽ ነገር አለ። ሃንጋሪ ውስጥ ማንኛውም ቅጽ የእናትሽን ስም ይጠይቃል። ባንክ፣ ሐኪም ቤት፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የትራም ቅጣት እንኳ ሳይቀር። ከኛ ወገን ደግሞ የአባት ስም እንጂ የእናት ስም ማን ይጠይቃል? እኔ የእናቴን ስም አንዱ ቅጽ ላይ በሁለት «ኤስ»፣ ሌላው ላይ በአንድ «ኤስ» ጽፌ አንድ ቢሮ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ስለዚህ ከልደት ሰርተፍኬትሽ ላይ የእናትሽን ስም ከነአባቷ ከነአያቷ በእንግሊዝኛ እንደተጻፈው ስልክሽ ላይ ያዢ። ሁሌ ያንኑ ጻፊ፣ ፊደል አትቀይሪ። ደግሞ እነሱ የቤተሰብ ስም ነው የሚያስቀድሙት። ወረፋ ላይ በአያትሽ ስም ሲጠሩሽ ዝም ብለሽ እንዳትቀመጪ።

የበረራሽን ቁጥርና የምትደርሺበትን ሰዓት ላኪልኝ፣ አየር ማረፊያ እቀበልሻለሁ። ሰዓት ስትነግሪኝ በኛ ይሁን በፈረንጅ ግለጪው። አንዷን ጓደኛዬን «ሁለት ሰዓት» ብላኝ ስድስት ሰዓት አሳልፌ ደርሼባታለሁ። አሁን ከናንተ የምንለየው አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው፣ ጥቅምት አጋማሽ አካባቢ ሁለት ይሆናል። ምናልባት ፈተና ደርሶብኝ ከቀረሁ 200E አውቶቡስ ያዢ። እሱ ሰማያዊው ሜትሮ፣ M3፣ መነሻ ጋ ያደርስሻል። ከዚያ ደውዪልኝ። ታክሲ የሚል ሰው በር ላይ ቢጠጋሽ እለፊው።

በመጣሽ በሳምንቱ እንቁጣጣሽ ነው። አበባ አየሽ ወይ የሚል ሰው አናጣም፤ እዚህ ያሉት ልጆች ተሰብስበው ያከብራሉ። ዶሮውን እኔ እሠራለሁ፣ በርበሬው ካንቺ ነው።

በይ እንግዲህ፣ እኔ አራግፌዋለሁ። ያንቺን እጠብቃለሁ። መጻፍ ከሰለቸሽ በድምፅ ላኪልኝ፣ ድምፅሽንም እለምደዋለሁ። ለእናትና አባትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እናትሽ «ከማን ጋር ልትኖሪ ነው?» ካሉ ቁጥሬን ስጫቸው፣ ደውለው ይጠይቁኝ። የኔም እናት አምና እንደዚያው ነበር ያደረገችው።

ሜሮን

ረስቼው፦ ስልክሽ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚጮኸው? እውነቱን።